ቀኑና ማታው ሁለት ፊልም መሰለብን

«ጤና ይስጥልኝ። ፊልም ላይ የአርት ስራ የምሰራ ልጅ ነኝ። ኅዳር ላይ ፒያሳ ውስጥ የ25 ደቂቃ ፊልም ልንቀርጽ ነው። ታሪኩ እናቷ የሞተችባት ልጅ የእናቷን ዕቃ ሸክፋ ቤቱን ለቃ የምትወጣበት አንድ ቀን ነው፣ ከጠዋት እስከ ሌሊት። የሙከራ ቀረጻ ስናደርግ ቀኑ ደማቅ ሆነ፣ ማታው ብርቱካን ሆነ፣ የእናቷ ቀይ ሹራብ መንገድ መብራት ስር ቡኒ ሆኖ ቀረ። ዳይሬክተራችን ቀኑን ብርቱካናማ ማታውን ሰማያዊ አድርገን እንገላገል ይላል። እኔ ጥቂት ቀለም መርጬ አንድ ስሜት ከጠዋት እስከ ሌሊት እንዲዘልቅ ነው የምፈልገው፣ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ባጀታችን ትንሽ ነው።
የአርቷ ልጅ፣ ከአራት ኪሎ»

ከማታው ጀምሪ እህቴ። ብዙ ሰው ፓሌት፣ ማለትም የፊልሙን ቀለሞች፣ ሲመርጥ ስልኩ ላይ ያማሩ ፎቶዎች ይሰበስባል፣ መርካቶ ወርዶ ጨርቁን በፀሐይ ያያል፣ ወደደው፣ ገዛው፣ ከዛ የማታ ቀረጻ ላይ ሲደርስ ከመረጠው ቀለም ግማሹ ይሞትበታል። ቀን ማንኛውንም ቀለም ይቀበላል፣ ማታ ግን መራጭ ነው። ስለዚ መጀመሪያ ማታ የሚተርፉት የትኞቹ እንደሆኑ ለይተሽ እወቂ፣ ከዛ እነሱን ወደ ቀኑ ትወስጃቸዋለሽ፣ በተቃራኒው አይሰራም።

ሹራቡ ለምን ቡኒ እንደሆነ በደንብ ይግባሽ ምክንያቱም የቀረው ነገር ሁሉ ከዚ ነው የሚመጣው። ጨርቅ የራሱ ብርሃን የለውም፣ ከመብራቱ የደረሰውን ነው መልሶ የሚያሳይሽ። ያ የድሮው ብርቱካናማ የመንገድ መብራት፣ ሶዲየም የሚባለው፣ ከሚያወጣው ብርሃን አብዛኛው ቢጫና ብርቱካን ላይ የተከማቸ ነው፣ ሰማያዊ በጣም ትንሽ አለው፣ ጥልቅ ቀይም ደካማ ነው። ስለዚ ቀዩ ሹራብ የሚመልሰው በቂ ቀይ አላገኘም፣ ያገኘውን ብርቱካን ብቻ መለሰና ቡኒ መሰለ። ሰማያዊ ልብስ እዛው ስር ብታቆሚ ጥቁር ነው የሚሆነው። ነጭና ሰናፍጭ ቀለም ደግሞ አንድ ዓይነት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ይሄ የካሜራው ችግር አይደለም፣ ከቀረጻ በኋላ ቀለሙ በሚስተካከልበት ግሬዲንግ ላይም አይመለስም፣ ምክንያቱም ቀዩ መጀመሪያውኑ አልተቀረጸም። ከለሪስቱ ቀይ ቢጨምርበት ፊቷም ግድግዳውም አብሮ ይቀላል።

የዳይሬክተራችሁን ሀሳብ በተመለከተ፣ ሰማያዊ ማታ ከየት እንደመጣ ላስረዳሽና አንቺ አስረጂው። ጨለማ ውስጥ ዓይናችን ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ወገን ያለው ስሜት ከቀዩ ይልቅ እየበረታ ይሄዳል፣ ቀይ ነገር ቶሎ ይጠቁራል። ለዛ ነው መብራት የሌለበት ገጠር በጨረቃ ስትሄጂ ዓለሙ ሁሉ ሰማያዊ ግራጫ የሚመስልሽ፣ ሲኒማም ይሄን ይዞ ነው ሌሊትን ሰማያዊ ማድረግ የለመደው። ፒያሳ ግን በጨረቃ ብርሃን የሚኖር ሰፈር አይደለም። አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ቆመሽ ዙሪያሽን ብታዪ ኮሪደር ልማቱ የደረሰበት ዋናው መንገድ ላይ ነጭ ኤልኢዲ፣ ወደ ውስጥ ስትገቢ የቀረ ብርቱካን መብራት ካለ እሱ፣ የሱቅ አምፖል፣ የመኪና መብራት፣ ይሄ ሁሉ አለ። ተመልካቹ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ማታዋን ያውቃታል፣ ሰማያዊ ቀብታችሁ ብታቀርቡለት ውሸቱ ወዲያው ይታየዋል። ከዛ በላይ ደግሞ ቀኑ ብርቱካን ማታው ሰማያዊ ሲሆን ተመልካቹ የሚያነበው ሰዓት ተቀየረ የሚለውን ብቻ ነው። ሰዓቱማ በሰማዩም ያስታውቃል። የአንቺ ቀለም መስራት ያለበት የልጅቷን ሁኔታ ነው፣ እሱ ደግሞ ጠዋትም ማታም ያው ነው፣ እናቷ የለችም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። እኔ ለዚ ታሪክ አራት ቀለም ነው የምይዘው፣ ሶስት መደብ አንድ ብቸኛ። መደቦቹ ጭቃማ ቡኒ፣ አመድማ ግራጫ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ። ብቸኛው ጠቆር ያለ ቀይ። ለምን እነዚህ? ቡኒ የድሮ ቤት እንጨት፣ የጣውላ ወለል፣ አፈር፣ ካርቶን፣ ማዳበሪያ ሁሉ ላይ አለ፣ ብርቱካን መብራት ስርም ቡኒ ነው፣ አምፖል ስርም ቡኒ ነው፣ የትም አይከዳሽም። ግራጫው ቆርቆሮው ላይ፣ አስፋልቱ ላይ፣ በቅርብ ጊዜ የተቀቡት ፎቆች ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ፣ ግራጫ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ የመብራቱን ቀለም ይቀበላል። ቀን ጥላ ውስጥ ከሰማዩ የሚመጣው ብርሃን ስለሚያርፍበት ሰማያዊ ይነካዋል፣ ማታ ብርቱካን ይነካዋል፣ ስለዚ ሰዓቱ መቀየሩን ግድግዳው ራሱ ይነግርልሻል፣ ቀለም መጨመር አያስፈልግሽም። አረንጓዴው የቤቱ ውስጥ ግድግዳና በር ነው። ያ ብዙ ቤት ውስጥ የምናውቀው ውሃ አረንጓዴ፣ ግን ጭስ የጠገበ፣ የደበዘዘ። ቢጫ አምፖል ስር ወይራ ቅጠል ወደመምሰል ይሄዳል፣ አይሞትም፣ ከቀዩ ጎን ሲቆም ደግሞ ቀዩን ያወጣዋል።

ሰማያዊን ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት። ማታ ጥቁር ይሆናል ብዬሻለሁ፣ ቀን ደግሞ ሚኒባሱ ሁሉ ሰማያዊ ነው፣ አንቺ የመረጥሽው ሰማያዊ ካለ ከታክሲው ጋር ይምታታል፣ ከሌለ ግን ታክሲው ራሱ ዓይን ይስባል። የቸርችልን ቁልቁለት የምትወርድበት ሲን ካላችሁ ታክሲ ማስቀረት አትችሉም፣ አትድከሙ። ግሬዲንግ ላይ ሰማያዊውን ብቻ ነጥሎ ሳቹሬሽኑን፣ ማለትም የቀለሙን ድምቀት፣ ዝቅ ማድረግ ከቀላሎቹ ስራዎች አንዱ ነው፣ ምክንያቱም ፓሌትሽ ውስጥ ያለው ቡኒም ቀይም የሰው ቆዳም ከሰማያዊ በጣም የራቁ ናቸው፣ ሲነካ አብሮ የሚበላሽ ነገር የለም። ሰማያዊ ከመረጥሽ ግን ይሄን ማድረግ አትችይም ነበር። ብቻ ሰማዩም አብሮ ስለሚደበዝዝ ፍሬሙ ውስጥ ብዙ ሰማይ አታስገቡ።

አሁን ቀዩ። ሁለት መንገድ አለሽ፣ ሁለቱንም እንድትጠቀሚ ነው የምመክርሽ።

አንደኛው፣ ማታ ላይ ቀለም ከዕቃ ወደ መብራት እንደሚሸጋገር ተቀበይ። ቀን ቀለሙ ያለው ጨርቅና ግድግዳ ላይ ነው፣ ጨለማ ሲመጣ ደግሞ ዓይን የሚያየው አምፖሉን፣ መስኮቱን፣ ከሰሉን ነው። ስለዚ ፓሌትሽ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቀለም የቀን አካልና የማታ አካል ይኑረው። የቡኒው የቀን አካል የጣውላ ወለሉ ነው፣ የማታ አካሉ የአምፖሉ ሙቀት ነው። የግራጫው የቀን አካል ቆርቆሮው ነው፣ የማታው ከዋናው መንገድ በበሩ ስንጥቅ የሚገባው የኤልኢዲ ነጭ መስመር ነው። የቀዩ የቀን አካል ሹራቡ ነው፣ የማታው ደግሞ ማታ ሹራቡን ባታሳዪም እንኳ ምድጃ ላይ ያለ ፍም፣ ወይ ዕቃ ሊጭን የመጣው አይሱዙ ፍሬን ሲይዝ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ቀይ። ይሄ የመጨረሻው በተለይ ለአንቺ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም መኪናው ዕቃውን ይዞ የሚሄደው ነው፣ ቀዩ ቀን ሙሉ የእናትየው ሆኖ ቆይቶ ማታ የመሄጃው ይሆናል። ሹፌሩ ፍሬን ላይ እግሩን አድርጎ እንዲቆይ መንገር ብቻ ነው፣ ወጪ የለውም።

ሁለተኛው፣ ሹራቡ ማታ በግድ መታየት ያለበት ሾት ላይ የራስሽን መብራት አምጪ። የሚከራይ አንድ ትንሽ የኤልኢዲ ፓነል ይበቃል፣ ግን ሲአርአዩ ከ95 በላይ የሆነ ይሁን፣ ማለትም ቀለምን በትክክል የሚያሳይ። 3200 ኬልቪን፣ ማለትም ሞቅ ያለ የብርሃን ቀለም፣ ላይ አድርጉትና ግማሽ ሲቲኦ ጄል የሚባለውን ብርቱካናማ ላስቲክ አልብሱት፣ ብርሃኑ የመንገዱን ብርቱካን ወደመምሰል ይጠጋል። ለዓይን ሲታይ ከመንገዱ መብራት የመጣ ነው የሚመስለው፣ ልዩነቱ ግን ውስጡ ቀይ አለው፣ አረንጓዴም አለው፣ ስለዚ ሹራቡ ቀይ ሆኖ ይታያል። የልጅቷ ቆዳም ሶዲየም ስር ጠፍጣፋ ሆኖ የነበረው ህይወት ያገኛል፣ የኛ ቆዳ ውስጥ ብዙ ቀይ አለ እኮ፣ እሱ ሲጎድል ነው ተዋናይዋ የታመመች የምትመስለው። መብራቱ የመንገዱ መብራት በሚመጣበት ወገን ይቁም፣ ከፍ ይበል፣ ፊቷና ደረቷ ላይ ከመንገዱ መብራት በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ ያህል ይበርታ። ከዛ ካነሰ ሶዲየሙ ያሸንፈዋል፣ ብዙ ከበለጠ ደግሞ መብራት የተተከለባት መሆኑ ያስታውቃል።

ለቤቱ ውስጥ አምፖል ደግሞ ሳታስቢበት ያገኘሽውን አትስቀይ። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ብዙውን ጊዜ ጥልቅ ቀይ ላይ ደካማ ነው፣ አንዳንዱ አረንጓዴም ይነካዋል፣ ግድግዳሽ አረንጓዴ ስለሆነ ደግሞ ችግሩ ሁለት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ልጅቷ ሐሞት የፈሰሰባት ትመስላለች። ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚል፣ ሲአርአዩ 90 እና ከዛ በላይ የተጻፈበት ፈልጊ። ካጣሽ የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል የትም ተፈልጎ ይምጣ፣ ለቀለም ከሱ የተሻለ የለም።

ነጩን ነገር ሳልረሳ። ኀዘን ላይ ያለች ልጅ ናት፣ ነጠላ ትለብሳለች፣ አልጋ ልብሱም መጋረጃውም ነጭ ነገር አይጠፋውም። ንጹህ ነጭ ለአንቺ ፊልም ጠላት ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ኅዳር ላይ ደመና የለባት፣ ከተማው ከፍታ ላይ ነው፣ በእኩለ ቀን ነጭ ነጠላ ካሜራው ላይ ይነድና የሽመናው ዝርዝር ይጠፋል፣ ማታ ደግሞ ያው ነጠላ ከሁሉ በላይ የሚያበራ ብርቱካን ጨርቅ ሆኖ ፊቷን ይሸፍነዋል። መፍትሄው ሻይ ነው። አንድ ትልቅ ብረት ድስት ውሃ አፍልተሽ ጥቁር ሻይ ቅጠል በደንብ ጨምሪበት፣ ከወፈረ በኋላ አጥልይው፣ ቅጠሉ ጨርቁ ላይ ከቀረ ነጠብጣብ ይሰራል። ነጠላውን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ አርጥቢው፣ ደረቅ ከገባ አንዱ ቦታ ጠጥቶ አንዱ ሳይጠጣ ይቀርና ይዥጎረጎራል። ከዛ አስር ደቂቃ ያህል እያገላበጥሽ አቆይተሽ አውጪውና አለቅልቂው፣ እርጥቡ ሁሌም ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው፣ ሲደርቅ ይነጣል፣ ስለዚ ደርቆ እስክታዪው አትወስኚ። ጥጥ ስለሆነ ሻዩን ይይዛል፣ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ከሆነ ግን እምቢ ይልሻል። የምትፈልጊው ለዓይን አሁንም ነጭ የሚመስል ግን እውነተኛ ነጭ ወረቀት ጎን ስታስቀምጪው የሚለይ ነው። ጥለቱንም እዪው፣ ሰማያዊና ወርቃማ ጥለት አትምረጪ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ወይ ቡኒ ጥለት ይሁን። ቀይ ጥለት በፍጹም፣ ቀዩ የሹራቡ ብቻ ነው።

ይሄን በቃል ከምትቀበይኝ ራስሽ ፈትኚው። ከእያንዳንዱ ጨርቅና ከግድግዳው ቀለም የተቀባ ጣውላ ቁራጭ ሰብስበሽ አንድ ገመድ ላይ ተርታ ስቀያቸው፣ መሃላቸው ግራጫ ካርድ አድርጊ፣ ተዋናይዋ ራሷ ወይ በቆዳ የምትመስላት ሰው አጠገባቸው ትቁም። ያንኑ ገመድ ከቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ እዛው ጥላ ውስጥ፣ ምሽት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከዛ በምትቀርጹበት መንገድ መብራት ስር፣ በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ በአምፖሉ ቅረጹት፣ የፊልሙ ካሜራ ይሁን እንጂ ስልክ አይሁን፣ ስልክ በራሱ ጊዜ ቀለም ያስተካክላል። ከዛ አምስቱን ምስል ጎን ለጎን አድርጊና መጀመሪያ ቀለሙን አጥፊው፣ ጥቁርና ነጭ አድርጊው። እዚ ላይ ነው እውነቱ የሚወጣው። ጠቆር ያለ ቀይና ጠቆር ያለ አረንጓዴ በቀለም ሲታዩ ሰማይና ምድር ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ ስታደርጊያቸው ግን አንድ ግራጫ ሆነው ልታገኚያቸው ትችያለሽ፣ ያ ማለት ማታ ቀለም ሲደክም ሹራቡ ግድግዳው ውስጥ ይሰምጣል ማለት ነው። እንደዛ ከሆነ ሹራቡን አትቀይሪ፣ ግድግዳውን አንድ ደረጃ አንጪው፣ ወይ ደግሞ ልጅቷን ከግድግዳው አንስተሽ ከፈዘዘው መጋረጃ ፊት አቁሚያት። ቀለሙን ማጥፋቱን የማታው ምስል ላይም ደግሚው፣ ምክንያቱም ብርቱካን መብራት ስር የጨርቆቹ የብርሃን ደረጃ ራሱ ይቀያየራል፣ ቢጫና ብርቱካኑ ይፈካል ቀዝቃዛው ይጠቁራል።

ካሜራው ላይ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የትኛውን ብርሃን ነጭ ብሎ እንደሚይዝ የሚወስነው፣ አውቶ ላይ ካለ ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ካሜራማኑን ለምኚው፣ ቀኑ 5600 ላይ ተቆልፎ ይቆይ፣ ጥላ ሲገቡ ሰማያዊ ይነካዋል፣ ይንካው፣ ያ ነው ጠዋቷን የሚያቀዘቅዝልሽ። ማታ ብዙ ሰው 3200 ያደርገዋል፣ ያኔ የመንገዱ ነጭ ኤልኢዲ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከአምፖሉ ጋር ሲገናኝ ያው ዳይሬክተሩ የሚፈልገው ብርቱካንና ሰማያዊ ሳታስቡት መጣ ማለት ነው። 5600 ላይ ብትተዉት ደግሞ ሶዲየሙ በጣም ይነድዳል። እኔ 4300 አካባቢ ላይ ነው የማቆመው፣ ኤልኢዲው ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ሶዲየሙ ብርቱካን ነው ግን አይጮህም፣ አምፖሉ ይሞቃል። ግራጫሽም ቡኒሽም እዛው ፓሌቱ ውስጥ ቀሩ።

ቀንና ማታውን የሚያያይዝ አንድ ሲን ካላችሁ በጣም ይጠቅማል፣ ከሌላችሁ ከስክሪፕቱ አንዱን ወደዛ ሰዓት አምጡት። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ እኛ ጋ ደግሞ ምሽት ቶሎ ነው የሚወድቀው፣ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ብርሃን ይዞ መብራቶቹም በርተው የሚቆዩበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። በዛች ሰዓት ግራጫው ግድግዳ በአንድ ወገን የቀኑን ብርሃን፣ በሌላ ወገን የአምፖሉን ብርሃን ተቀብሎ ይቆማል፣ ሹራቡም ገና ቀይ ነው። ተመልካቹ ያንን አንዴ ካየ ከዛ በኋላ የሚመጣውን ብርቱካን ማታ ከሌላ ፊልም እንደመጣ አይቆጥረውም። ብቻ በሃያ ደቂቃ ሁለት ሾት ከቀረጻችሁ ጎበዞች ናችሁ፣ ስለዚ ቦታው፣ እንቅስቃሴው፣ ፎከሱ ሁሉ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ተለማምዶ ዝግጁ ይሁን፣ ያልጨረሳችሁትን በማግስቱ በዛው ሰዓት ትመለሱበታላችሁ እንጂ ጨለማ ላይ አትጎትቱት።

ፓሌቱ ያው ሆኖ ስሜቱ የሚንቀሳቀሰው በመጠኑ ነው። የቀለሞቹን ዓይነት አትንኪ፣ ብዛታቸውን ግን ቀይሪ። ጠዋት ቤቱ ሙሉ ነው፣ ቡኒው፣ አረንጓዴው፣ ጥቂት ቀይ፣ ሁሉም ቦታ አለ። ዕቃው እየወጣ ሲሄድ ቡኒው ይወጣል፣ ቀዩ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ማታ ላይ የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው፣ ፍሬሙ ከሞላ ጎደል አረንጓዴና ጨለማ ይሆናል። እዚ ላይ አንድ ነገር ስሪልኝ። ፎቶ ተሰቅሎበት የኖረ ግድግዳ ፎቶው ሲነሳ አራት ማዕዘን ቦታ ይቀራል፣ ጭስም ፀሐይም ያልነካው፣ የመጀመሪያው ቀለም እንዳለ የተቀመጠበት። እውነተኛው ግድግዳ እንደዛ ካልሆነ አንቺ ስሪው፣ ግድግዳውን በሙሉ በመጀመሪያው ደመቅ ያለ አረንጓዴ ቀቢው፣ የፎቶውን ቦታ በወረቀት ሸፍነሽ ቀሪውን ቡኒ ጨመር ባለበት በጣም የቀጠነ ውሃማ ቀለም በስፖንጅ እየነካካሽ አደብዝዢው፣ ወደ ጣሪያው ይበልጥ ይጥቆር፣ ጭስ ወደላይ ነው የሚሄደው። ያ አራት ማዕዘን ፊልሙ ውስጥ ካሉት አረንጓዴዎች ሁሉ የደመቀው ይሁን፣ ቀን ላይ በፎቶው የተሸፈነ ስለሆነ ማንም አያየውም፣ ማታ አምፖል ስር ነው የሚገለጠው። ምንም አዲስ ቀለም ሳታስገቢ ማታው ላይ አዲስ ነገር አገኘሽ።

ግሬዲንጉን ለሚሰራው ልጅ ሶስት ነገር ንገሪው፣ ሌላውን እሱ ያውቃል። ለቀን ሌላ ለማታ ሌላ ሉት፣ ማለትም ዝግጁ የቀለም ማስተካከያ፣ አውርዶ እንዳይጭን፣ ያ ነው ሁለት ፊልም የሚያደርገው። ጥቁሩ ቀንም ማታም አንድ ዓይነት ይሁን፣ የቀኑ ጥላ ጥቂት ቡኒ ከነካው የማታውም ጨለማ ያንኑ ቡኒ ይንካው፣ የሰው ዓይን ፊልሙ አንድ መሆኑን የሚያውቀው ከፈካው ይልቅ ከጥቁሩ ነው ብዬ አምናለሁ። የሳቹሬሽን ጣሪያውን ደግሞ በሹራቡ ያስቀምጥ፣ ከሹራቡ የደመቀ ምንም ነገር የትኛውም ሲን ላይ አይኑር፣ የላስቲክ ባልዲ ይሁን የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ካለ ይውረድ። አንቺም ሴቱ ላይ ሆነሽ ያንን ባልዲ ቀድመሽ ካነሳሽለት ሰዓቱን ትቆጥቢለታለሽ።

ሲጨርስ ከእያንዳንዱ ሲን አንድ አንድ ፍሬም አውጥቶ በአንድ ገጽ ላይ ይደርድርልሽ፣ እያንዳንዱ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል ያሳንሰው፣ አንቺ ራቅ ብለሽ እዪው። የሚዘል ፍሬም ካለ እሱን ነው የምትመልሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለው የእኩለ ቀኑ የውጪ ሲን ነው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ሁሉም ነገር ከሚገባው በላይ ይደምቃል። ገና ስላልቀረጻችሁ ያንን ሲን ከአሁኑ ወደ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ወይ ከሰዓት 10 ሰዓት እንድታዛውሩት ዳይሬክተሩን አነጋግሪው፣ የቸርችል ህንጻዎች ጥላ በዛ ሰዓት መንገዱ ላይ ስለሚያርፍ ልጅቷን ጥላው ውስጥ ማስኬድ ትችላላችሁ።